የአራሷ ቢላዋ፦ ሰርጎ ገብ አስፈሪ ሐሳቦች የተሸሸገ ፍላጎት ማስረጃ የማይሆኑበት ምክንያት

አንዲት የ28 ዓመት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ስድስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሕፃኗ ከማእድ ቤቱ በር አጠገብ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ እናቲቱ ለወጥ የሚሆን ሽንኩርት ትከትፋለች። በዚህ መካከል ቢላዋው የሕፃኗን አንገት ሲነካ የሚያሳይ ምስል ድንገት በአእምሮዋ ብልጭ ይላል። ምስሉ ከሁለት ሰከንድ በላይ አልቆየም። ሴትዮዋ ግን ቢላዋውን ከእጇ ጥላ ከማእድ ቤት ወጣች። በዚያች ሌሊት ልጇን እያጠባች ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እንዲህ ያለው ሐሳብ ከየት መጣ? ሳላውቀው ልጄን እጠላታለሁ ማለት ነው?»

በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤቱ ሥርዓት ተለወጠ። ቢላዋዎቹ በሙሉ ከቁም ሣጥን በላይ ተቀመጡ። ሕፃኗን የማጠቡን ሥራ አያቷ ወሰዱት፤ እናቲቱ ለዚህ የሰጠችው ምክንያት የወገብ ሕመም ነበር። ባሏን በየሌሊቱ «እኔ ክፉ ሰው ነኝ እንዴ?» እያለች ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ነገሩ ሳይገባው «አንቺ? ምን ነካሽ!» እያለ ያጽናናታል። ሐሳቡ ግን ቀድሞ በቀን አንድ ጊዜ ይመጣ የነበረው አሁን ሠላሳና አርባ ጊዜ ይመላለሳል።

ይህ ታሪክ የአንዲት የታወቀች ግለሰብ ታሪክ አይደለም፤ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግመው ከተመዘገቡ ገለጻዎች ለማብራሪያ የተቀናበረ ነው። ጥያቄዋ ግን የብዙ አራሶች ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ጥያቄ መመርመር ነው። ሰው ሳይጠራው የሚመጣበት፣ የሚያስደነግጠውና ከእምነቱ ጋር የሚጋጨው ሐሳብ፣ በዚህ ጽሑፍ ሰርጎ ገብ ሐሳብ የተባለው፣ ስለ ሰውየው ፍላጎት የሚነግረን ነገር አለን? ያለው የምርምር ማስረጃ የሚያደላው ወደ አንድ መልስ ነው፦ የሐሳቡ ይዘት ፍላጎትን አያሳይም። ሐሳቡን ጊዜያዊ ጎብኚ ወይም የማይለቅ አባዜ የሚያደርገው ይዘቱ ሳይሆን ሰውየው ለሐሳቡ የሚሰጠው ትርጉም ነው።

የጥርጣሬው ሥር

«የሚያስፈራህ የምትመኘው ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከባዶ የመጣ አይደለም። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመውና «የአይጡ ሰው» በሚል ስም በታወቀው የሕመምተኛ ታሪክ ውስጥ፣ አንድ ወጣት በአባቱና በሚወዳት ሴት ላይ አሠቃቂ ቅጣት ይደርሳል በሚል ሐሳብ ሲታወክ እናያለን። አባትየው በዚያን ጊዜ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህም ሐሳቡ ምን ያህል ከምክንያት የራቀ እንደነበር ያሳያል። የፍሮይድ ትርጓሜ ከፍርሃቱ ጀርባ በአባት ላይ ያነጣጠረ፣ ታፍኖ የቆየ የጥላቻ ምኞት አለ የሚል ነበር። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ፍርሃት የቀድሞ ምኞት መልክ ነው።

የዚህ ትርጓሜ ችግር ጨካኝ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሊፈተን አለመቻሉ ነው። ሕመምተኛው ምኞቱን ካመነ ትርጓሜው ተረጋገጠ ይባላል። ከካደ ደግሞ ክህደቱ ራሱ የአፈናው ምልክት ይሆናል። እናቲቱ ልጇን አቅፋ ብታለቅስ የጸጸት ምልክት፣ ባታለቅስ የጥላቻ ምልክት ነው። በየትኛውም መንገድ ሊሸነፍ የማይችል ማብራሪያ አንዱን ከሌላው የመለየት አቅም የለውም። ሆኖም ይህ አስተሳሰብ ከሥነ ልቦና መጻሕፍት ወጥቶ የዘወትር ጥበብ ሆኗል፤ ስለ ፍሮይድ ሰምታ የማታውቅ አራስም በእኩለ ሌሊት ራሷን የምትከሰው በዚሁ ሕግ ነው።

በአገራችን ሁለት ሌሎች ማብራሪያዎች ይጨመራሉ። አንደኛው ሐሳቡ የሰይጣን ውጊያ ነው የሚለው ነው። ይህ ማብራሪያ አንድ መልካም ጎን አለው፤ ሐሳቡን ከእናቲቱ ፈቃድ ይለያል። ነገር ግን አደጋው ከውስጥ አይደለም ብሎ ሲያበቃ ከውጭ የመጣ እውነተኛ አደጋ አለ ይላል፤ ስለዚህ ጥበቃውና ንቃቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሁለተኛው በሐሳብ የሚሠራ በደል አለ ከሚለው ትምህርት የሚነሣ ነው። ትምህርቱ ራሱ የሚያወግዘው ሰው ፈቅዶና ወድዶ የሚያሰላስለውን ነው። በድንጋጤ ላይ ያለች ሴት ግን በአእምሮ ውስጥ ባለፈውና በፈቀደችው መካከል ያለውን ልዩነት ለመመዘን ትቸገራለች፤ ሁለቱን አንድ አድርጋ ትፈርዳለች።

ሐሳቡ የማን ነው?

የመጀመሪያው ትልቅ ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ምንም የአእምሮ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ያልተፈለገ፣ ተቀባይነት የሌለው ሐሳብ ወይም ግፊት መጥቶባቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁ። አብዛኞቹ፣ ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት፣ አዎን አሉ። ያሰቡትም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሰው ስለ መጉዳትና ራሳቸው ስለሚጸየፉት የወሲብ ድርጊት የሚናገሩ ሐሳቦች ነበሩበት። ከዚያም ተመራማሪዎቹ የእነዚህን ሰዎች ሐሳቦች ከሕመምተኞች ሐሳቦች ጋር ቀላቅለው ለባለሙያዎች ሰጡ። ባለሙያዎቹ ይዘቱን ብቻ አንብበው የሕመምተኞቹን ሐሳብ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልቻሉም። ልዩነቱ የነበረው በሌላ ቦታ ነው፦ በሕመምተኞቹ ዘንድ ሐሳቡ ይደጋገማል፣ ይቆያል፣ ያስጨንቃል፣ አልለቅም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ራዶምስኪና ባልደረቦቹ በ13 አገሮች የሚገኙ 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በቃለ መጠይቅ አነጋገሩ። 93.6 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ ሰርጎ ገብ ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናገሩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የተሸሸገ ምኞት ማስረጃ ቢሆን ኖሮ፣ ከሞላ ጎደል የሰው ዘር ሁሉ ለወንጀል የተዘጋጀ ነው ማለት ይሆን ነበር።

ስለ አራሶች ወደ ተደረገው ጥናት እንመለስ። ፌርብራዘርና ዉዲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የካናዳ ጥናት ከተካፈሉት እናቶች መካከል ሕፃኑ በድንገተኛ አደጋ ይጎዳል የሚል ሐሳብ ያልመጣባት አልነበረችም፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሆን ብለው ስለ መጉዳት የሚናገር ሐሳብ መጥቶባቸው ነበር። ማፈን፣ መጣል፣ በስለት መጉዳት፣ በገላ መታጠቢያ ውኃ ውስጥ መተው የተለመዱት ዓይነቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም እናቲቱ ቀድማ ያቀደችው አይደለም።

ወሳኙ ጥያቄ ግን ከዚህ ይቀጥላል። ሐሳቡ የተለመደ መሆኑ ብቻ ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም፤ የተለመደና አደገኛ የሆነ ነገር ሊኖር ይችላልና። መለካት ያለበት ሐሳቡ የመጣባቸው እናቶች ካልመጣባቸው ይልቅ ልጆቻቸውን ይጎዱ እንደሆነ ነው። ፌርብራዘርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት ይህንን በቀጥታ ጠይቋል። ሆን ብሎ ስለ መጉዳት የሚናገር ሐሳብ ከመጣባቸው እናቶች መካከል በሕፃናቸው ላይ ኃይል የተቀላቀለበት ድርጊት መፈጸማቸውን የተናገሩት 2.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ሐሳቡ ካልመጣባቸው መካከል 3.1 በመቶ ነበሩ። በሁለቱ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት የለም። ስለ ጉዳት የሚናገረው ሐሳብ መኖሩም ሆነ አለመኖሩ ስለ ድርጊቱ ምንም አልተነበየም።

ይህ ጥናት የራሱ ወሰን አለው። መረጃው የተገኘው ከእናቶቹ ከራሳቸው ነው፤ ድርጊቱን የሸሸገች እናት ልትኖር ትችላለች። ሆኖም መሸሸጉ በአንደኛው ቡድን ብቻ እንዲበረታ የሚያደርግ ግልጽ ምክንያት አይታይም፤ እንዲያውም እጅግ አሳፋሪ የሆነውን ሐሳቧን በድፍረት የተናገረች እናት ድርጊቱን ለመሸሸግ ከሌላዋ የበለጠ ትጥራለች ማለት ይከብዳል።

በጣም የምንወደውን የሚመርጥ ለምን ይመስላል?

አራሷ ልትመልሰው የማትችለው አንድ ክርክር አላት፦ «ተራ ሐሳብ ከሆነ ለምን በልጄ ላይ? ለምን በጎረቤት ላይ አይሆንም?» መልሱ የሚገኘው ሐሳቡ እንዴት እንደሚመረጥ ሳይሆን ከመጣ በኋላ ምን እንደሚደርስበት በማየት ነው።

አእምሮ በቀን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቁርጥራጭ ሐሳቦችን ያመነጫል። ያቺው ሴት ሽንኩርቱን ስትከትፍ ስልኳን ከድስቱ ውስጥ ስትጥለው የሚያሳይ ምስል መጥቶባት ይሆናል። አላስደነገጣትም፤ ስለዚህ ከሰከንድ በኋላ ጠፋ፤ መምጣቱንም አታስታውስም። የሕፃኗ ምስል ግን ከሁሉ ይልቅ ከምትወደው ነገር ጋር ተጋጨ፤ ደወል ደወለ፤ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ስትመለከት የምታየው የተመዘገቡትን ብቻ ነው። ሐሳቦቿ ሁሉ በልጇ ላይ ያነጣጠሩ የሚመስላት ሌሎቹ ስለ ተረሱ ነው። ለዚህም ነው ተመሳሳይ ሕመም ያለበት አማኝ በጸሎት ጊዜ የስድብ ቃል የሚመጣበት፣ ጠንቃቃ ሹፌር ሰው ገጭቻለሁ እያለ የሚጨነቅ። የሐሳቡ ይዘት ፍቅርን ይከተላል፤ ሰውየው የማያከብረው ነገር ላይ ቢያርፍ ኖሮ ደወሉን አያስደውልም ነበርና።

በአራሷ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። በአንድ ሌሊት ራሱን መከላከል የማይችል ሕይወት በእጇ ላይ ወደቀ። እንቅልፍ የላትም። ሕፃን የያዘ ወላጅ አእምሮ አደጋን አስቀድሞ መቃኘቱ ሥራው ነው፤ ደረጃ፣ የፈላ ውኃ፣ ስለት፣ ትራስ ሁሉ የአደጋ ምንጭ ሆነው ይታያሉ። በዚህ ቅኝት ውስጥ ከአደጋዎቹ አንዷ እናቲቱ ራሷ ሆና ብትታይ የቅኝቱ ጥልቀት እንጂ የጥላቻ ምልክት አይደለም።

ትርጉሙ ሐሳቡን ሲያስር

ሳልኮቭስኪስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ትንታኔ የመዞሪያውን ነጥብ ለይቶ ያሳያል። እንደ እርሱ አባባል ተራውን ሰርጎ ገብ ሐሳብ ወደ አባዜ የሚለውጠው ሰውየው በሐሳቡ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳት እኔ ኃላፊ ነኝ ብሎ ሲተረጉመው ነው። ሻፍራን፣ ቶርዳርሰንና ራክማን እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንን በማስፋት «የሐሳብና የድርጊት ውሕደት» ያሉትን ገለጹ። ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ማሰብ ከማድረግ እኩል ኃጢአት ነው የሚል ሲሆን፣ ሌላው ካሰብሁት የመድረሱ ዕድል ይጨምራል የሚል ነው። አራሷ ሁለቱንም ትይዛለች። «እንዲህ ያሰበች እናት አይደለችም» ትላለች፤ ቀጥላም «ካሰብሁት ላደርገው ነው» ትላለች።

ይህ ትርጉም ሐሳቡን በእርግጥ እንደሚያበዛ በሙከራ ታይቷል። ራሲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ተማሪዎችን የአንጎል ሞገድ ከሚመዘግብ መሣሪያ ጋር አያያዙ። ለአንዱ ቡድን መሣሪያው «ፖም» የሚለውን ሐሳብ እንደሚለይ፣ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር በሌላ ክፍል ያለ ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚደርስበት፣ ፈጥነው ቁልፍ ከተጫኑ ግን ንዝረቱን ማስቀረት እንደሚችሉ ነገሩት። ይህ ሁሉ እውነት አልነበረም። ለሌላው ቡድን መሣሪያው ሐሳቡን እንደሚለይ ብቻ ተነገረው። ሐሳባቸው ሰውን እንደሚጎዳ ያመኑት ተማሪዎች ስለ ፖም ይበልጥ አሰቡ፣ ይበልጥ ተጨነቁ፣ ይበልጥም ታገሉት። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱም ያንን ሰው በንዝረት የመጉዳት ምኞት ይዞ አልመጣም። ከትርጉም ለውጥ በቀር የተጨመረ ነገር አልነበረም፤ የአባዜው ገጽታ ግን በትንሹ ተፈጠረ። ስለ ተሸሸገ ምኞት ለሚነሣው ጥያቄ ከዚህ የቀረበ የላቦራቶሪ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ትግሉም የራሱ ድርሻ አለው። የዌግነርና የባልደረቦቹ የ1987 (እ.ኤ.አ.) ሙከራ የታወቀ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ደወል ይደውሉ ነበር፤ ደወሉም አልተቋረጠም። በኋላም አስቡ ሲባሉ መጀመሪያውኑ አስቡ ከተባሉት ይበልጥ አሰቡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሐሳቡ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ሐሳቡን መፈለግ ያስፈልጋል።

አራሷ የምታደርገው ከዚህ የረቀቀ ነው። ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ስሜቷን ትመረምራለች፦ ደስ ብሎኝ ነበርን? እጄ ተንቀሳቅሶ ነበርን? እንዲህ ያለው ተደጋጋሚ ምርመራ እርግጠኝነትን እንደሚያመነምን ቫን ደን ሃውትና ኪንት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ አሳይተዋል። በኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃን ደጋግመው እንዲፈትሹ የተደረጉ ሰዎች መዝጋታቸውን በትክክል ቢያስታውሱም በትዝታቸው ላይ የነበራቸው መተማመንና የትዝታው ጥራት ቀነሰ። ምድጃው በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ፍቅር ግን በዓይን አይታይም፤ በየአሥር ደቂቃው «ልጄን አሁን እወዳታለሁን?» ብሎ የሚጠየቅ ስሜት ቢደበዝዝ የሚያስገርም አይደለም። መደብዘዙን ግን እናቲቱ ለክሷ አዲስ ማስረጃ አድርጋ ታቀርበዋለች።

የባልየው ማጽናናትም በዚሁ ክበብ ውስጥ ይገባል። «ምን ነካሽ!» የሚለው ቃል ለአንድ ሰዓት ያሳርፋታል፤ ቀጥሎ ግን «የማያውቀኝ ስለሆነ ነው» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ቢላዋዎቹ ከቁም ሣጥን በላይ መሆናቸውም ልጇ ያልተጎዳችው ቢላዋ ስላልነበረ ነው የሚል ትምህርት ይሰጣታል። ሐሳቡ ሐሰት መሆኑ የሚታይበት ዕድል በጥንቃቄው ምክንያት ተዘጋ።

የሐኪሙ ሥራ፦ መለየት

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ጉዳት የሚነገር ሐሳብ በሙሉ ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ ከ1000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ የሚታይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። በዚያ ሕመም ውስጥ እናቲቱ ሕፃኑ ርኩስ መንፈስ የገባበት እንደሆነ፣ ወይም ከመከራ ለማዳን መሞት እንዳለበት ታምን ይሆናል፤ የሚያዛት ድምፅም ትሰማ ይሆናል። ይህ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መግባትን የሚጠይቅ ድንገተኛ ሕመም ነው።

ሁለቱን የሚለየው የሐሳቡ ቃል አይደለም፤ «ልጄን ስለ መግደል አሰብሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁለቱም አፍ ሊወጣ ይችላል። የሚለየው እናቲቱ ከሐሳቡ ጋር ያላት ግንኙነት ነው። አንደኛዋ በሐሳቡ ትደነግጣለች፣ ሐሰት መሆኑን ታውቃለች ወይም ትጠረጥራለች፣ ሕፃኗን ከራሷ ለመጠበቅ ትደክማለች። ሁለተኛዋ ሐሳቡን ትክክል ነው ብላ ትይዘዋለች፤ ድንጋጤዋ ትንሽ ነው ወይም የለም፤ ከዚህም ጋር ግራ መጋባት፣ በቶሎ የሚለዋወጥ ስሜትና የእንቅልፍ ፍላጎት ማጣት ይታያል። ስለዚህ ሐኪሙ «ምን አሰብሽ?» ብሎ ማቆም የለበትም። «ሐሳቡ ሲመጣብሽ ምን ተሰማሽ? ከዚያስ ምን አደረግሽ? ሐሳቡ ትክክል ይመስልሻል?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከይዘቱ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ሰው ለመጉዳት የሚያቅድ፣ በማሰቡ የሚደሰት ወይም በቁጣ ጊዜ እጁን ያነሣ ሰው ጉዳይም ሌላ ነው፤ የተዳከመች እናት ሕፃኑን በንዴት ልትነቀንቅ መቃረቧን ብትናገር እውነተኛ ዕረፍትና እገዛ ያስፈልጋታል እንጂ ስለ ሰርጎ ገብ ሐሳብ የሚሰጥ ማብራሪያ አይበቃትም። ከባድ የመንፈስ ጭንቀትና የመሞት ምኞት ካለም በራሱ መመርመር አለበት።

የመለየቱ ሥራ የሚወድቀው በሁለት አቅጣጫ ነው። ሳይኮሲስን አባዜ ነው ብሎ ወደ ቤት መላክ ሕይወት ያስከፍላል። ሌላኛው ስሕተት ብዙም አይወራበትም፤ አባዜ ያለባትን እናት አደገኛ ናት ብሎ ሕፃኗን ከእጇ መውሰድ ነው። ይህ እርምጃ ክሷን በባለሙያ ማኅተም ያጸድቀዋል። እናቶች ዝም የሚሉትም ይህንኑ ፈርተው ነው። መጠይቆቻችንም ዝምታውን አያነሡትም፤ በአዲስ አበባ ሳይቀር ተፈትሾ በሥራ ላይ የዋለው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ የመንፈስ ጭንቀት መለኪያ ካሉት 10 ጥያቄዎች አሥረኛው የሚጠይቀው ራስን ስለ መጉዳት እንጂ ሕፃኑን በሚመለከት ስለሚመጣ ሐሳብ አይደለም። ነርሷ «ብዙ እናቶች ልጃቸው ሲጎዳ የሚያሳይ አስፈሪ ሐሳብ ይመጣባቸዋል፤ አንቺስ?» ብላ ካልጀመረች የወገብ ሕመሙ የወገብ ሕመም ሆኖ ይቀራል።

ሕክምናው በዚች አራስ ላይ

ለዚህ ሕመም በማስረጃ የጸናው የሥነ ልቦና ሕክምና መሠረቱ የሜየር የ1966 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው፤ ፍርሃቱን መጋፈጥና አስገዳጁን ምላሽ መከልከል ይባላል። ሕመሙ ሲከብድ መድኃኒት ይታከላል፤ ለምታጠባ እናት ወደ ወተት የሚያልፈው መጠን አነስተኛ በመሆኑ ሰርትራሊን ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማብራሪያ ነው። እናቲቱ ሐሳቧን ሙሉ በሙሉ፣ ሳትሸፋፍን ትናገራለች፤ ሐኪሙ ሲሰማ አለመደንገጡ ራሱ ትምህርት ነው። ቀጥሎ የምትሸሻቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 100 በፍርሃት መጠን ትመዝናለች። ሕፃኗ በሌላ ክፍል ሆና ቢላዋውን ገበታ ላይ ማስቀመጥ 30 ሰጠችው፤ ባሏ አጠገቧ ሳለና ሕፃኗ በክፍሉ ውስጥ ሆና ሽንኩርት መክተፍ 50፤ ይህንኑ ብቻዋን ማድረግ 70፤ ሕፃኗን ብቻዋን ማጠብ 80፤ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ 90። ከመጨረሻው በቀር ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ማንኛዋም እናት በየቀኑ ከምታደርገው የተለየ አይደለም፤ ሕክምናው አዲስ አደጋ አይጨምርም፣ የተቋረጠውን ኑሮ ይመልሳል እንጂ። ምርመራው አባዜ መሆኑ ሳይረጋገጥ ግን አይጀመርም።

አስቸጋሪው ክፍል መጋፈጡ ሳይሆን ከመጋፈጡ በኋላ ያለው ነው። ሽንኩርቱን እየከተፈች «ደኅና ነኝ፣ እወዳታለሁ፣ አላደርገውም» እያለች በልቧ ከደጋገመች መጋፈጡ በድብቅ ማጽናኛ ተሽሯል። ለዚህ ምልክቱ ልምምዱ ሲደጋገም ፍርሃቱ አለመለወጡ ነው፤ ሐኪሙ እንዲህ ሲያይ የሚጠይቀው በዝምታው ጊዜ በልቧ ምን ትል እንደነበር ነው። በምትኩ የምትለማመደው ሐሳቡን ሳትመልስለት መተው ነው፦ «ሐሳቡ መጣ፤ ሽንኩርቱ ገና አላለቀም።»

ባልየውም በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጠራ። እስካሁን ያጽናናት የነበረው በፍቅር ነው፤ አሁን ግን መልሱን እንዲያስቀር ተነገረው። ይህ ለእርሱ ጭካኔ መስሎ ታየው። በመጨረሻ ከሚስቱ ጋር የተስማሙበት ቃል «ይህ የሕመሙ ጥያቄ ስለሆነ አልመልስልሽም፤ ነገር ግን አብሬሽ እቀመጣለሁ» የሚል ነው። አያትየዋም ሕፃኗን የማጠቡን ሥራ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ሳምንት ውስጥ ለእናቲቱ መለሱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አብረው፣ በሁለተኛው በር ላይ ቆመው፣ በሦስተኛው ከቤት ወጥተው።

እንዲህ ባለው ሕክምና ሐሳቡ ጨርሶ እንዲጠፋ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ የሚፈለገው ለውጥ ያ አይደለምና። በአሥረኛው ሳምንት የእናቲቱ መዝገብ የሚያሳየው ሐሳቡ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንደሚመጣ ነው፤ ይህም ሕመም የሌለባቸው እናቶች ከሚናገሩት ብዙ አይርቅም። እንቅልፍ ባጣችበት ሌሊት ማግስት ይበረክታል፤ ሕፃኗ በታመመችበት ሳምንትም ለጥቂት ቀናት ወደ ቀድሞው ብዛት ተመልሶ ነበር። በዚያ ሳምንት ቢላዋውን እንደገና ወደ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ በሁለተኛው ቀን ራሷ አውርዳ ወደ መሳቢያው መለሰችው።